ምዕራፍ አምስት፦ በሩ ተዘግቶ ነበር?

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተካሄደው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ጤና ሚኒስቴር ከያዛቸው አራት አጀንዳዎች አንዱ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። አጀንዳው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሐኪም ቤት ሄዶ ተመናጭቆ የተመለሰ፣ ምጥ ላይ ሆና የተሰደበች፣ ሕመሙን ተናግሮ ሳይጨርስ የመድኃኒት ወረቀት በእጁ የተሰጠው ሰው በየቤቱ አለ። ስለዚህ ሥልጠናው ተሰጠ፣ ሦስቱ ቃላት በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ የሚጀምረው ሥልጠናው ካለቀ ማግስት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ የሚመራ ሰው፣ ሠልጥና የተመለሰችው ነርስ ርኅራኄዋ መጨመሩን በምን ያውቃል? ስንት ሕፃን እንደተከተበ መዝገቡ ይነግረዋል። ስንት እናት በጣቢያው እንደወለደችም እንዲሁ። ስለ ርኅራኄ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው የሠልጣኞች ስም ዝርዝርና ፊርማ ብቻ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ባለሙያዎች ሠልጥነዋል» ብሎ ይጽፋል። ያ ቁጥር የሚነግረን ስንቶች አዳራሽ ውስጥ እንደተቀመጡ ነው። ካርድ ይዘው የተሰለፉት ሕመምተኞች ያገኙት ለውጥ እዚያ ውስጥ የለም።

በጉዳዩ ላይ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ርኅራኄ የልብ ነገር ነው፣ አይለካም» ይላል። ሌላው መጠይቅ አምጥቶ ያስሞላና አማካይ ያወጣል። ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ሰው ሕመምተኛዋን ያለ ዳኛ ይተዋታል። የሁለተኛውን ስሕተት ግን ትንሽ ቆም ብለን ማየት አለብን፣ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል።

ራስን መጠየቅ ለምን አይበቃም

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በፊላደልፊያው ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ የተዘጋጀው የርኅራኄ መለኪያ ነው። 20 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹ በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 7 ያመለክታል፤ ድምሩ ከ20 እስከ 140 ይሆናል። በጥንቃቄ የተሠራ መሣሪያ ነው። ግን የሚለካው ሰውየው ስለ ራሱ ያለውን አስተያየት ነው። ነርሷ «የሕመምተኛን ስሜት መረዳት ለሕክምናው ይጠቅማል» በሚለው ዐረፍተ ነገር በሙሉ ልቧ ልትስማማ ትችላለች። ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳኛው ሕመምተኛ ፊቷ ሲቀመጥ ምን እንደምትለው ግን ወረቀቱ አያውቅም።

ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። አንድ ሰው ስለ አንድ ሙያ ባወቀ ቁጥር ራሱን የሚመዝንበት ሚዛን ራሱ ይለወጣል። ከሥልጠናው በፊት «ጥሩ አድማጭ ነኝ» ያለ ሠልጣኝ፣ ማዳመጥ ምን እንደሆነ ሲማር በፊት ያላያቸው ጉድለቶቹ ይታዩታል፤ በመጨረሻው ቀን ለራሱ የሚሰጠው ነጥብ ዝቅ ይላል። ተሻሽሎ ሳለ የወረደ ይመስላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሃዋርድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሳይቷል፤ መፍትሔ ያለውም ቀላል ነበር። ሠልጣኙን መጨረሻ ላይ «ዛሬ በያዝኸው ሚዛን፣ ያን ጊዜ ምን ላይ ነበርህ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው። ይህ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ሰው ስለ ራሱ መመስከሩን ግን አያስቀርም።

ከውጭ የመጣ ፈተናን እንዳለ መቀበልም ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የጂማና የጀርመኗን የሙኒክ ከተማ አንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች አወዳድሮ ነበር። ከፈተናዎቹ አንዱ 36 የዐይን ፎቶግራፎች እያሳየ «ይህ ሰው ምን ይሰማዋል?» የሚል ነው። ጂማዎቹ በዚህ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ አመጡ። ፎቶግራፎቹ ግን ከሞላ ጎደል የአውሮፓውያን ዐይኖች ናቸው። በጂማ ያደገ ወጣት የአክስቱን ዐይን አይቶ ሐዘኗን አያውቅም ብሎ ከዚህ መደምደም ትልቅ በደል ነው። ፈተናው ርኅራኄን ከማያውቁት ፊት ጋር ቀላቅሎ ለካ፤ ከዚያ የወጣው ነጥብ የትኛውን እንደሚናገር ደግሞ ከቁጥሩ መለየት አይቻልም።

የሚታየውን ማየት

መንገዱን የከፈተው ሌላ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ጤነኛ ሰው ሕመምተኛ ሆኖ እንዲጫወት አሠልጥኖ ተማሪዎቹን በእሱ ፈተነ። ለሁሉም ተማሪ ሕመምተኛው አንድ ዓይነት ሆነ፤ ስለዚህ የሚለያየው የተማሪው አቀራረብ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራንደን ኮርትና ባልደረቦቹ በኔፓል ይህን ሐሳብ የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሠራተኞች አመቻቹት። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት መሣሪያ «ኢናክት» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኋላ ላይ ወደ 15 ነጥቦች አሳጥረው አሰራጭተውታል። ወደ ሀገራችንም መጥቷል፤ ያን ጊዜ በጉራጌ ዞን ሥር በነበረው ሶዶ ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ የሚረዱ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ሲሠለጥኑ ብቃታቸው በዚህ መሣሪያ ተመዝኗል። እነዚያ ሠራተኞች የሕክምና ዲግሪ አልነበራቸውም። ተመራማሪዎቹ በነጥቡ ብቻ ሳይወሰኑ ሠራተኞቹን ቁጭ አድርገው ማነጋገራቸውንም እወድላቸዋለሁ።

የኢናክት ትልቁ ቁም ነገር ደረጃዎቹ ናቸው። በባለ15 ነጥቡ ቅጽ እያንዳንዱ ነጥብ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ ጉዳት የሚያደርስ ነገር መታየቱ ነው። ሁለተኛው ጉዳት የለም፣ መሠረታዊው እርዳታ ግን የለም ወይም ጎደሎ ነው። ሦስተኛው መሠረታዊው ሁሉ ተሟልቷል። አራተኛው ከመሠረታዊው ያለፈ ነው። ልብ በሉ፤ መዛኙ «ይህች ነርስ ርኅሩኅ ናት?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «ይህን አደረገች? ይህን አላደረገችም?» ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ይህ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ልሥራው። ታሪኩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ከሳሪስ አቦ ወደ ታች በደብረ ዘይት መንገድ የሚኖር ሰው በየቀኑ ከሚያየው የራቀ አይደለም።

ሕመምተኛዋን የምትጫወተው ሴት ይህን ታጠናለች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ነው። ከመሀል ከተማ ሰፈሯ ፈርሶ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞላታል፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አቋርጣዋለች። የዛሬው ልኬት 170 በ100 ነው። እውነተኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፣ የድሮ ዕድሯ ከሩቅ ቀርቷል፣ አዲሱ ሰፈር ገና አልለመዳትም፣ ክኒኑን ማን ያስታውሳት? ይህን ግን እንዲሁ አታወራም። «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ካሏት «አዎ፣ እወስዳለሁ» ትላለች፤ ሰው እንዳይቆጣ የሚባለውን ትላለች። «መድኃኒቱን ለመዋጥ ምን አስቸገረዎት?» ብሎ ከልብ ጠይቆ ዝም ብሎ ለሚጠብቃት ብቻ ትናገራለች። የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሯ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ነው፤ «ራሴን ያመኛል፣ ልጄ»።

አንደኛዋ ተፈታኝ ነርስ እንዲህ አለች፦ «ቁጭ በይ። ካርድሽስ? ግፊትሽ እኮ 170 ደርሷል! መድኃኒቱን አቋረጥሽ አይደል? እንዲህ ካደረግሽ ትሞቻለሽ፣ እኔን እንዳትወቅሺኝ።» በሩ ክፍት ነው፤ ሌላ ታካሚ ገብቶ ከኋላ ቆሟል። መዛኙ ሊዘነጋቸው የማይችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ በዕድሜ የእናቷ እኩያ የሆነችን ሴት አንቺ አለቻት፣ በሞት አስፈራራቻት፣ ሌላ ሰው ባለበት ምስጢሯን አወራች። በዚህ ሦስቱም አንደኛ ደረጃ ናቸው። በአዲስ አበባ የእርስዎ እና የአንቺ ነገር ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያቺ ሴት በሚቀጥለው ወር ለምን እንደቀረች ቢጠይቃት ይሻላል።

ሁለተኛዋ ነርስ ደግሞ ጨዋ ናት። በሩን ዘጋች። «እማማ፣ አይዞዎት፣ አያስቡ። እግዚአብሔር ያውቃል። መድኃኒቱን በየቀኑ ይዋጡልኝ፣ ይሻልዎታል» አለቻት። አሳቢ ድምፅ ነው፤ ማንም አያማርርባትም። ሆኖም ሴትየዋ ስለ ባሏ ሳትናገር ወጣች። ብዙ መዛኞች ለዚህች ነርስ ከፍተኛ ነጥብ ሊሰጡ ይቃጣቸዋል፤ ምክንያቱም የለመድነው ማጽናናት ይህ ነው። ስሜትን በመመርመር ነጥብ ላይ ግን ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ጉዳት የለም፣ ማጽናኛው ግን ጥያቄው ሊመጣ ከሚችልበት በፊት ገብቶ ንግግሩን ዘጋው። ከሥልጠና በኋላ ለውጡ በብዛት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስድቡ ይጠፋል፣ ማዳመጡ ግን አይመጣም። ሪፖርት የሚጽፈው ሰውም በዚህ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሦስተኛዋ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «እማማ፣ ይህን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ብዙ ሰው ያስቸግረዋል። እርስዎን ምን አስቸገረዎት?» ከዚያ አቀርቅራ ጠበቀች። ሴትየዋ ዝም አለች፤ ነርሷም ዝም አለች። ከዚያ ወሬው ወጣ። ነርሷ መልሳ፦ «ባለቤትዎ ካረፉ ስድስት ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ አጠገብዎ የሚያስታውስም ሰው የለም። በትክክል ሰማሁዎት?» አለች። ሴትየዋ አለቀሰች፤ ነርሷ አላቻኮለቻትም። ይህ ሦስተኛ ደረጃ ነው። አራተኛ የሚሆነው ከዚህ ቀጥላ «ሌሊት ሲነቁ ምን ያደርጋሉ? በአዲሱ ሰፈር ከማን ጋር ቡና ይጠጣሉ? ክኒኑን ጠዋት ከቡናው ጋር ብናደርገውስ?» ብላ ሴትየዋ ራሷ የምትቀበለው አንድ ነገር ላይ ሲደርሱ ነው።

የኢትዮጵያ መዛኝ ከውጭ በመጣው ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ማረም አለበት። ዝርዝሮቹ «ዐይን ለዐይን መተያየት»ን እንደ ጥሩ ምልክት ይቆጥራሉ። ታናሽ ለታላቅ ዐይኑን ዝቅ ሲያደርግ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው። ሦስተኛዋ ነርስ አቀርቅራ መጠበቋ ነጥብ ሊያሳጣት አይገባም። ይልቅ ጠቃሚው ጥያቄ ሴትየዋ ስትናገር ነርሷ ካርዱ ላይ ትጽፍ ነበር ወይስ እጇን አቁማ ትሰማ ነበር የሚለው ነው። በአቃቂ ደግሞ ሕመምተኛዋ አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የቆመው ማን ነው? የራሷ ልጅ ከሆነ፣ የባሏን ሞትና የሌሊቱን ለቅሶ በልጇ አፍ ልትናገር ነው። ይህ በምስጢር መጠበቅ ነጥብ ሥር ተጽፎ መገምገም ያለበት ነገር ነው።

ሁለት ዐይን አንድ ነገር አይቷል ወይ?

ደረጃዎቹ የቱንም ያህል ቢብራሩ፣ አንድ መዛኝ ሁለት ሲል ሌላው ሦስት ሊል ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ነጥቡ የነርሷ አይሆንም፤ የመዛኙ ይሆናል። ስለዚህ ከማንም በፊት የሚፈተኑት መዛኞቹ ናቸው። አንድ ቪዲዮ ይመለከታሉ፣ ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ያወዳድራሉ። ባልተስማሙበት ቦታ «ምን አየህ?» ይባባላሉ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ያየውን ሌላው አላየም፣ ወይም ሁለቱም አይተው «ጉዳት» የሚለውን በተለያየ መስመር አስምረውታል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚታለሉበት አንድ ስሌት አለ። ሁለት መዛኞች 20 ቪዲዮ አይተው «ጉዳት ታይቷል» ወይም «አልታየም» ብለው ጻፉ እንበል። እያንዳንዳቸው በ4ቱ ላይ ታይቷል አሉ። በ2ቱ ላይ ሁለቱም ታይቷል ብለው ተስማሙ፣ በ14ቱ ላይ ሁለቱም አልታየም ብለው ተስማሙ፣ በቀሩት 4 ግን ተለያዩ። ከ20ው በ16ቱ ተስማምተዋል፤ 80 በመቶ ነው። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከአምስት ቪዲዮ አንዱን ብቻ በዘፈቀደ «ታይቷል» እያሉ ቢጽፉ እንኳ በአማካይ 68 በመቶ ይስማሙ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ «አልታየም» የሚሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ጃኮብ ኮኸን ያወጣው ካፓ የሚባለው ስሌት ይህን ዕድል ይቀንሳል። ከ80 ላይ 68ን ቀንሶ፣ ዕድሉ ላልሸፈነው 32 ያካፍላል፤ 12 ለ32፣ ወደ 0.38 ይሆናል። ከፍጹም መስማማት፣ ማለትም ከ1፣ ብዙ ይርቃል። ዋናው ነገር ደግሞ የተለያዩት በየትኛው ላይ እንደሆነ ነው። አንደኛው ጉዳት ብሎ የጠቆማቸው 4 ቪዲዮዎች ውስጥ ሌላው ያየው 2ቱን ብቻ ነው። ዋና ነገር በሆነው ጉዳት ላይ በግማሹ አልተስማሙም ማለት ነው። እንዲህ ያሉ መዛኞች ተመልሰው ቪዲዮ ማየት አለባቸው እንጂ ማንንም መመዘን አይገባቸውም።

ተሻሻለች ወይ?

አሁን ወደ መሻሻል እንምጣ። አንዲት ነርስ ከሥልጠናው በፊት በ15ቱ ነጥቦች እንዲህ ነበረች እንበል፦ በሁለቱ አንደኛ ደረጃ፣ በዘጠኙ ሁለተኛ፣ በአራቱ ሦስተኛ። ድምሩ 32፣ አማካዩ 2.1 ነው። ከሦስት ወር በኋላ ድምሩ 39፣ አማካዩ 2.6 ሆነ። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው «ብቃቷ በ22 በመቶ አድጓል» ይላል። ዝርዝሩን ሲያዩት ግን በሰባቱ ሦስተኛ፣ በሁለቱ አራተኛ ደርሳለች፤ በአራቱ ሁለተኛ ላይ ናት፤ በሁለቱ ደግሞ አሁንም አንደኛ ናት። አሁንም ምስጢር ታወጣለች፣ አሁንም ታስፈራራለች። ሌሎቹ ነጥቦች ከፍ ሲሉ ጉዳቱ ከአማካዩ ጀርባ ተደብቋል። የቱሉ ዲምቱዋ ሴት የምታገኘው አማካዩን አይደለም፤ የምታገኘው ያቺን ክፍት በር ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መሻሻልን መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ ላይ የቀሩት ነጥቦች ስንት እንደሆኑ በመቁጠር እንለካ፤ እነሱ ዜሮ ሳይሆኑ ስለ አማካይ አናውራ። ከዚያ በኋላ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የተሻገረችበትን አንድ ነጥብ በስሙ እንጥራ፣ «አሁን ጠይቃ ትጠብቃለች» ተብሎ ይጻፍ። እንዲህ የተጻፈ ነገር ነርሷ ራሷ ታውቀዋለች፤ በ2.6 ላይ ግን ምን ልታደርግ ትችላለች? ለሱፐርቪዥን የሚመጣውም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያይ ያውቃል።

የማስመሰሉ ልምምድ አንድ ገደብ አለው፤ ነርሷ ማድረግ መቻሏን ያሳያል፣ በሥራ ሰዓት ማድረጓን አያሳይም። በፈተና ክፍል 15 ደቂቃና አንድ ሕመምተኛ አላት። በጣቢያው የተመላላሽ ክፍል ግን አንዱን ክፍል ሁለት ነርሶች ይጋሩታል፣ ከውጭ ሰው በር ያንኳኳል፣ መድኃኒቱ በፋርማሲ የለም። በፈተና ሦስተኛ ደረጃ ያገኘች ነርስ በሥራ ላይ ሁለተኛ ከሆነች ችግሩ እሷ ላይ ላይሆን ይችላል። ይህን መለየት ከሥልጠናው ይበልጣል፤ በሩ የማይዘጋው መቆለፊያው ስለተሰበረ ከሆነ ሁለተኛ ሥልጠና መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

በሥራ ላይ ያለውን የሚያውቁት ሕመምተኞቹ ናቸው። ጤና ሚኒስቴር በጤና ጣቢያዎች የሚያካሂደው የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነዋሪዎች ተሰብስበው ጣቢያቸውን እንዲመዝኑ ያደርጋል፤ የአክብሮት አገልግሎትና የመጠበቂያ ጊዜም ከሚመዘኑት ውስጥ ናቸው። ጥሩ ነገር ነው፤ ነዋሪና ባለሙያ ፊት ለፊት ይነጋገሩበታል። አደጋው ጥያቄው ሰፊ ሲሆን ነው። ከካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አንዲት እናት «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ስትባል «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጥሩ ነው» ትላለች። ነገም እዚያው ትመለሳለችና፣ የሰው ስም ማጥፋትም አትወድም። እርካታዋን ሳይሆን የሆነውን ስንጠይቃት ግን መልሱ ይለወጣል። ነርሷ ስሟን ነገረችዎት? የመድኃኒቱን ስምና እንዴት እንደሚዋጥ ነገረችዎት? ሲናገሩ አቋረጠችዎት? ሌላ ሰው ገብቶ ነበር? በሩ ተዘግቶ ነበር? አምስቱም በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለሱ ናቸው፤ ማንንም አያስነቅፉም፤ የሆነውን ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። ከጣቢያው ውጪ፣ ከጣቢያው ሠራተኛ ባልሆነ ሰው፣ ስም ሳይጻፍ ቢጠየቁ ይሻላል።

ይህንንም ለማበላሸት መንገድ አለ። «ስሟን ነገረችዎት?» የሚለው ለደረጃ ዕድገት ወይም ለሽልማት የሚቆጠር ከሆነ፣ ነርሶቹ ስማቸውን ብቻ ለመናገር ይጣደፋሉ፤ ጥያቄው ያመለክት የነበረው ነገር ከውስጡ ይወጣል። ስለዚህ እነዚህ ጥያቄዎች ለትምህርት ይዋሉ እንጂ ለቅጣትና ለሽልማት አይዋሉ፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ይቀየሩ።

በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ የምትመሩ፣ አዲስ የርኅራኄ ሥልጠና ከማዘጋጀታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አንድ ሕመምተኛ የምትጫወት ሴት አሠልጥኑ። ሁለት መዛኞች አስቀምጡ፣ ስምምነታቸውን ሳታረጋግጡ ነጥብ አትጻፉ። የእያንዳንዷን ነርስ አንደኛ ደረጃ ነጥቦች ለብቻ አውጥታችሁ፣ ለሌላ ሰው ሳታሳዩ፣ ከእሷ ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩበት። በዚያው ሳምንት ከጣቢያው የሚወጡ 30 ሰዎችን ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። በሩ ተዘግቶ ነበር ያሉት ከ30ው ስንት እንደሆኑ በግድግዳው ላይ ካለው ማስታወቂያ አጠገብ ለጥፉት፤ በሚቀጥለው ወርም እንደገና ጠይቁ።